ለቆየ ደንበኛ የሚጻፍ የክፍያ ማስታወሻ፦ ቃሉ ምን ያህል ይጥበቅ? ቀኑስ እንዴት ይጻፍ?

ይህ ገጽ በዱቤ ለሚሸጡና ለዓመታት አብሯቸው የሠራ ደንበኛ ክፍያ ላዘገየባቸው ድርጅቶች የተዘጋጀ ነው። ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ምሳሌ ይዘን እንሄዳለን። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ማተሚያ ቤት ለ8 ዓመት ሲያትምለት ለኖረ ድርጅት ማክሰኞ ኅዳር 2 ቀን 2018 ዓ.ም. የብር 160,000 ሥራ አስረከበ። 15 በመቶ ቫት ሲጨመር ብር 184,000 ይሆናል። ስምምነቱ የ30 ቀን ዱቤ ስለሆነ መክፈያው ሐሙስ ታኅሣሥ 2 ነበር። አልተከፈለም።

ማስታወሻው ጠንከር እንዲል የምናጠብቀው ቃሉን ነው ወይስ ቀኑን?

ቀኑን ነው። እነዚህን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ጎን ለጎን አንብቧቸው።

«በተደጋጋሚ ብንጠይቅም ክፍያው እስካሁን ባለመፈጸሙ በእጅጉ ማዘናችንን እየገለጽን በአስቸኳይ እንዲከፈለን በጥብቅ እናሳስባለን።»

«የደረሰኝ ቁጥር 0417 ክፍያ ብር 184,000 እስከ ማክሰኞ ታኅሣሥ 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ድረስ ወደ ሒሳባችን እንዲገባልን በአክብሮት እንጠይቃለን።»

የመጀመሪያው ይቆጣል፤ ምን እንደሚፈልግ ግን አይናገርም። የደንበኛው ሒሳብ ሠራተኛ ደብዳቤውን ይዞ ምን ያድርግ? ክፍያ የሚወጣው በተራ ነው፦ ሰነዱ ይሟላል፣ የክፍያ ማዘዣ ይዘጋጃል፣ አንድ ሰው ያረጋግጣል፣ ብዙ ጊዜ ሁለት ሰዎች ይፈርማሉ። በዚያ ተራ ውስጥ «በአስቸኳይ» የሚባል ቦታ የለም፤ «ማክሰኞ ታኅሣሥ 14» ግን ቦታ አለው። ሠራተኛው ወደ ኋላ ቆጥሮ ፊርማው እስከ ዓርብ ማለቅ እንዳለበት ያውቃል።

ከቆየ ደንበኛ ጋር ሲሆን ደግሞ የቁጣ ቃል ሌላ ጣጣ አለው። ባለቤቱ ስልክ አንሥተው «ምን ሆናችሁብኝ? እኔና እናንተ እንዲህ ነን?» ይላሉ። ወሬው ስለ ቅሬታና ስለ ወዳጅነት ይሆናል፤ ይቅርታ ስትጠይቁ ትውላላችሁ፤ ስልኩ ሲዘጋ ብር 184,000 መቼ እንደሚገባ ማንም አላነሣም። ስለዚህ ቃሉ ደረጃ በደረጃ ይጠንክር፤ ቀኑ ግን ከመጀመሪያዋ ማስታወሻ ጀምሮ ቁርጥ ያለ ይሁን።

ከመጻፋችን በፊት ምን እንፈትሽ?

ጥፋቱ የኛ አለመሆኑን። ከዘገዩ ክፍያዎች መካከል በሻጩ ወረቀት ጉድለት የቆሙ ቀላል አይደሉም። ዋናው ደረሰኝ ደርሷቸዋል? ወይስ በፎቶ ብቻ ነው የላካችሁት? የዕቃ ማስረከቢያው ላይ የተረካቢው ስምና ፊርማ አለ? የግዥ ማዘዣው ቁጥር ደረሰኙ ላይ ካለው ጋር ይገጥማል? የግብር ከፋይ መለያ ቁጥራቸው በትክክል ተጽፏል? አንዷ ከጎደለች ሒሳብ ሠራተኛው ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ደውሎ ላይነግራችሁም ይችላል።

መጠኑንም ተመልከቱ። ደንበኛው ቅድመ ግብር የሚቀንስ ከሆነ ሙሉው ብር 184,000 አይገባም። ተቀናሹ የሚሰላው ቫት ሳይጨመር ባለው ብር 160,000 ላይ ነው። ማስታወሻው ላይ «ከዚህ ላይ ቅድመ ግብር የምትቀንሱ ከሆነ የተቀናሹን ደረሰኝ ከክፍያው ጋር ላኩልን» ብላችሁ ጨምሩ። ይህች መስመር ከሌለች ገንዘቡ ከገባ በኋላ ስለ ልዩነቱ ሌላ የሁለት ሳምንት መመላለስ ይመጣል።

ቃሉን «ደረጃ በደረጃ ማጠንከር» ሲባል በተግባር ምን ማለት ነው?

በአማርኛ የቢሮ ደብዳቤ ክብደቱን የሚሸከመው የመጨረሻው ግሥ ነው። ደብዳቤ ማንበብ የለመደ ሰው መጀመሪያ ዓይኑን የሚጥለው ወደ «ጉዳዩ» መስመርና ወደ መዝጊያው ግሥ ነው።

«እናስታውሳለን» ገና ምንም እንዳልተበላሸ ይናገራል። «በአክብሮት እንጠይቃለን» ቀኑ ማለፉን ያውቃል፣ ግን አይከስም። «እናሳስባለን» ሲመጣ ትዕግሥት ማለቅ መጀመሩ ይሰማል። «እናሳውቃለን» ደግሞ ልመናው አብቅቶ ውሳኔ መኖሩን ይነግራል፤ ከሱ በኋላ የሚመጣው እናንተ የምታደርጉት ነገር መሆን አለበት። «እናስጠነቅቃለን» የመጨረሻው ነው፤ ከቆየ ደንበኛ ጋር እዚያ የሚደረሰው ግንኙነቱ ራሱ ሲያበቃ ነው። በሕግ ቋንቋ «ማስጠንቀቂያ» የራሱ ትርጉም አለው፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

ስህተቱ የሚመጣው ደረጃው ሲዘለል ወይም ሲደባለቅ ነው። «በታላቅ አክብሮት በጥብቅ እናስጠነቅቃለን» የሚል ደብዳቤ ሲያነቡት ፈገግ ያሰኛል እንጂ አያስከፍልም። አንዱ ደረጃ ላይ መቆምም እንዲሁ ነው፦ አምስት ጊዜ «እናሳስባለን» ያለ ድርጅት ስድስተኛውን ማንም አይከፍትለትም።

«ጉዳዩ» የሚለው መስመር ላይ ስሜት አይግባ። «ስለ ክፍያ መዘግየት ቅሬታ» ከማለት «የደረሰኝ ቁጥር 0417 ክፍያን ይመለከታል» በቂ ነው። ደብዳቤው መዝገብ ቤት ሲገባ ጸሐፊዋም፣ ተላላኪውም የሚያነቡት ይህንን መስመር ነው። የቆየ ደንበኛ ዕዳው በመዝገብ ቤት በኩል እንዲወራበት አይፈልግም።

ቀኑን ራሱን እንዴት እንጻፍ?

የሳምንቱ ቀን፣ የወሩ ስም፣ ቁጥሩና ዓመተ ምሕረቱ ይሟሉ፦ «ማክሰኞ ታኅሣሥ 14 ቀን 2018 ዓ.ም.»። የወር ስም በቁጥር አይተካ። «05/06/2018» ብሎ የጻፈ ሰው የካቲት 5 ማለቱ ይሁን በአውሮፓውያን ጁን 5 ማን ያውቃል? ደንበኛው ዓለም አቀፍ ድርጅት ከሆነ ወይም መዝገቡን በአውሮፓውያን አቆጣጠር የሚይዝ ከሆነ ሁለቱንም ጻፉ፦ «ማክሰኞ ታኅሣሥ 14 ቀን 2018 ዓ.ም. (ዲሴምበር 23 ቀን 2025 እ.ኤ.አ.)»። የሳምንቱ ቀን ለዚህም ይጠቅማል፤ ልወጣው ከተሳሳተ ወዲያው ያጋልጠዋል።

ቀጥሎ፣ በዚያ ቀን ምን እንደሚሆን ግልጽ ይሁን። ቼኩ የሚፈረምበት ቀን ነው? የምትወስዱበት ነው? ወይስ ገንዘቡ ሒሳባችሁ ላይ የሚታይበት? «እስከ ማክሰኞ ይከፈለን» ስትሉ ደንበኛው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ቼክ ፈርሞ «ከፍያለሁ» ሊል ይችላል፤ ቼኩን ረቡዕ ወስዳችሁ ባንክ ስታስገቡ ገንዘቡ የሚታየው ከዚያም በኋላ ነው። «ወደ ሒሳባችን እንዲገባ» ወይም «ቼኩን ማክሰኞ ከቀኑ 9፡00 ሰዓት ላይ ተወካያችን መጥቶ እንዲረከብ» ብላችሁ ለዩት።

ቀን ስትመርጡ በዓላቱን ቁጠሩ። የገና ዋዜማ ላይ የወደቀ ቀን በተግባር ቀን አይደለም። ጥር 11 ጥምቀት ነው፤ በማግስቱ ቃና ዘገሊላ ስለሆነ ጥር 12ም ብዙ ቦታ ፈራሚ አይገኝም። ጳጉሜንም አትርሱ። ነሐሴ 25 በተቆረጠ ደረሰኝ ላይ «አንድ ወር» ያለ ሰው መስከረም 25ን ያስባል፤ ጳጉሜን 5 ቀን ስትሆን ይህ 35 ቀን ነው። «30 ቀን» ከሆነ ግን መስከረም 20 ላይ ይሞላል። ለዚህ ነው ውል ላይ የቀን ብዛት፣ ማስታወሻ ላይ ደግሞ ቀኑ ራሱ የሚጻፈው።

«በተቻለ ፍጥነት»፣ «ሰሞኑን»፣ «በያዝነው ሳምንት»፣ «ከበዓል በኋላ» የሚባሉትን አውጡ። በተለይ «ከበዓል በኋላ»። ከየትኛው?

ምሳሌውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብታሳዩን?

*ሰኞ ኅዳር 29፣ ከመክፈያው 3 ቀን በፊት።* አጭር ኢሜይል ወይም የቴሌግራም መልእክት ለሒሳብ ክፍል፦ «እንደምን ዋላችሁ? የደረሰኝ ቁጥር 0417 ብር 184,000 የመክፈያ ቀን ሐሙስ ታኅሣሥ 2 ቀን 2018 ዓ.ም. መሆኑን እናስታውሳለን። የጎደለ ሰነድ ካለ ዛሬ ብትነግሩን ነገ እናደርሳለን።» የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር የወረቀት ሰበብን ቀድማ ትዘጋለች።

*ማክሰኞ ታኅሣሥ 7፣ ካለፈ 5 ቀን በኋላ።* በኢሜይል፣ ደረሰኙ ተያይዞ፦ «የደረሰኝ ቁጥር 0417 ክፍያ ብር 184,000 ታኅሣሥ 2 መከፈል ሲገባው እስከ ዛሬ ወደ ሒሳባችን አልገባም። እስከ ማክሰኞ ታኅሣሥ 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ድረስ ገቢ እንዲሆንልን በአክብሮት እንጠይቃለን። ከፍላችሁ ከሆነ የባንክ ማስረጃውን ላኩልን።» እዚህ ላይ «ሳትዘነጉት አልቀራችሁም» ብሎ ሰበብ ማቀበል አያስፈልግም። ስለ ስምንቱ ዓመትም አትጻፉ፤ እነሱም ያውቁታል።

*ረቡዕ ታኅሣሥ 15፣ ሁለተኛው ቀን ሲያልፍ።* አሁን ስልክ ይደወላል። ሒሳብ ሹሟ «ሥራ አስኪያጁ ፊልድ ወጥተዋል፤ ከገና በኋላ እንጨርሰዋለን» ይላሉ። «እሺ» ብሎ መዝጋት ጥሪውን ባዶ ያደርገዋል። «መቼ ይመለሳሉ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ «ታኅሣሥ 30 ይገባሉ» ካሉ «እንግዲያው ሰኞ ጥር 4 እንበል?» በሉ። ቀኑን እሳቸው ራሳቸው ቢያወጡት ይሻላል፤ ራስ የሰጡትን ቀን ማፍረስ የሰው ቀን ከማፍረስ ይከብዳል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ አጽኑት፦ «ዛሬ በስልክ እንደተነጋገርነው የደረሰኝ ቁጥር 0417 ክፍያ ሰኞ ጥር 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ወደ ሒሳባችን ይገባል። እናመሰግናለን።» ይህ መልእክት የማስታወሻ ቃል የለውም፣ አይጠይቅም፣ አያሳስብም። ቀኑን መዝግቦ ዝም ይላል።

*ማክሰኞ ጥር 5፣ የተባለው ቀን ሲያልፍ።* ማኅተም ያለበት ደብዳቤ፣ ለሥራ አስኪያጁ፣ ለሒሳብ ክፍል ግልባጭ ተደርጎ፦

«ጉዳዩ፦ የደረሰኝ ቁጥር 0417 ክፍያን ይመለከታል።

ኅዳር 2 ቀን 2018 ዓ.ም. ላስረከብነው የኅትመት ሥራ ብር 184,000 መከፈል የነበረበት ታኅሣሥ 2 ነበር። ታኅሣሥ 7 በጽሑፍ ጠይቀናል፤ ታኅሣሥ 15 ከሒሳብ ክፍላችሁ ጋር በተደረሰው ስምምነት ጥር 4 እንደሚከፈል ተነግሮን ነበር። ክፍያው አልገባም። ስለሆነም ሙሉ ገንዘቡን እስከ ረቡዕ ጥር 13 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ 10፡00 ሰዓት ድረስ ገቢ እንድታደርጉ እያሳሰብን፣ እስከዚያ ካልተፈጸመ ከሐሙስ ጥር 14 ጀምሮ አዲስ ሥራ የምንቀበለው በቅድሚያ ክፍያ ብቻ መሆኑን እናሳውቃለን።»

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ አንድም ክፉ ቃል የለም። ጥንካሬው ያለው ከቀኖቹ ተራ ውስጥ ነው፤ ሥራ አስኪያጁ ሲያነቡት የራሳቸው ሰዎች ቃል ሰጥተው ማጠፋቸውን ያያሉ። ጥር 13 የተመረጠው ጥምቀትና ማግስቱ እንዲያልፉ ነው። መዘዙም «አስፈላጊውን እርምጃ እንወስዳለን» የሚል ጭጋግ አይደለም፤ ማተሚያ ቤቱ ብቻውን፣ ያለ ፍርድ ቤት፣ በማግስቱ ሊያደርገው የሚችል ነገር ነው። ልታደርጉት የማትችሉትን ወይም የማትፈልጉትን መዘዝ አትጻፉ፤ አንዴ ከታየባችሁ ቀጣዩ ቀን ዋጋ አይኖረውም።

ደንበኛው «ከስንት ዓመት በኋላ እንዲህ ትጽፉልኛላችሁ?» ብለው ቢደውሉስ?

ቅሬታውን ተቀበሉ፤ ቀኑን ግን አትልቀቁ። «ጋሼ፣ ልክ ነዎት፤ ደብዳቤው ከመሄዱ በፊት ለርስዎ መደወል ነበረብኝ። አሁን ይንገሩኝ፣ ረቡዕ ይደርሳል ልበል?» ይቅርታው አካሄዱን ብቻ ይመለከታል። «ተዉት፣ ሲመቻችሁ» የሚለው ቃል ከአፋችሁ ከወጣ ከዚያ በፊት የተጻፈው ሁሉ ተሻረ።

እንዲህ ያለውን ጥሪ ማስቀረትም ይቻላል። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ከመሄዱ በፊት ባለቤቱን ወይም ሥራ አስኪያጁን የሚያውቅ ሰው ይደውል፦ «ነገ ደብዳቤ ይደርስዎታል፤ ሒሳብ ክፍላችን ሥርዓቱን መጠበቅ ስላለበት ነው፤ ቀኑ ረቡዕ ጥር 13 ነው።» ለስላሳው ቃል በስልክ፣ ጠንካራው በወረቀት፣ ቀኑ በሁለቱም አንድ ዓይነት። ስልክ ላይ «ሐሙስም ቢሆን ችግር የለም» ካላችሁ ደንበኛው የሚያስታውሰው ስልኩን ነው።

ስለራሳችሁ ችግር መጻፍስ? ደመወዝ አልከፈልንም፣ ወረቀት ተወደደብን ብሎ መጻፍ ማስታወሻውን ልመና ያደርገዋል። አንድ ነገር ግን በስልክ ቢነሣ አይከፋም፦ የዱቤ ሽያጭ ቫት ደረሰኙ በተቆረጠበት ወር ሒሳብ ውስጥ ስለሚገባ ብር 24,000ውን ማተሚያ ቤቱ ከኪሱ ለገቢዎች አስገብቷል። የደንበኛው ሒሳብ ሹም ይህንን ያለ ማብራሪያ ይረዱታል።

ግልባጭ መቼ ይደረግ? ለማን?

ግልባጭ ራሱ የጥንካሬ ደረጃ ነው፤ አንዳንዴ ከግሡ ይበልጣል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ማስታወሻዎች ወደ ሒሳብ ክፍል ብቻ ይሂዱ። ገና በአምስተኛው ቀን ለሥራ አስኪያጁ ግልባጭ ማድረግ ሒሳብ ሠራተኛውን አለቃው ፊት ማሳጣት ነው፤ ቀጣዩን ደረሰኛችሁን በተራ ውስጥ የሚያስቀምጠው ደግሞ እሱ ነው። ቃል ተሰጥቶ ከታጠፈ በኋላ ግን ለበላዩ መጻፍ ተገቢ ነው፤ ያኔም «ለመረጃ ያህል» ተብሎ በግልባጭ ሳይሆን በቀጥታ ለሥራ አስኪያጁ፣ ለሒሳብ ክፍል ደግሞ በግልባጭ።

የደብዳቤው ቅጂ ላይ የመዝገብ ቤታቸው ማኅተምና የገባበት ቀን ይረፍበት። ተላላኪያችሁ ይህንን ሳይዝ አይመለስ።

ቀኑ ስንት ጊዜ ሊራዘም ይችላል?

ከቆየ ደንበኛ ጋር አንድ ጊዜ ማራዘም ልማድ ነው፤ ሁለተኛው ዋጋ ይኑረው። ዋጋ ስንል የግድ ገንዘብ አይደለም። ገሚሱን አሁን መክፈል፣ የቀረውን መጠን በደብዳቤ ማመን፣ ወይም በመካከሉ የሚመጣውን ሥራ በቅድሚያ ክፍያ ማሠራት ሊሆን ይችላል። «እሺ» ተብሎ በነጻ የተሰጠ ሁለተኛ ቀን ሦስተኛውን ይወልዳል።

ብር 80,000 ከፍለው የቀረውን «እንጨምራለን» ካሉ ደረሰኝ ስትቆርጡ ክፍያው ለየትኛው ሒሳብ እንደሆነ ጻፉ፤ በዚያው ቀንም፦ «ከደረሰኝ ቁጥር 0417 ላይ ብር 80,000 ተቀብለናል። ቀሪው ብር 104,000 እስከ ዓርብ ጥር 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ይገባል።» የተከፈለው ሲመሰገን ያልተከፈለው የሚረሳ ከሆነ ቀሪው ብዙ ይቆያል።

ቀኑ ወደፊት የተጻፈ ቼክ ሲሰጧችሁ ዕዳው የተከፈለ አይምሰላችሁ። ቼክ በቀረበ ጊዜ የሚከፈል ሰነድ ነው፤ ስንቅ ከሌለው ደግሞ ነገሩ ከፍትሐ ብሔር አልፎ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ሥር ሊወድቅ ይችላል። ለስምንት ዓመት ደንበኛ ወደዚያ የሚያደርስ መንገድ ከመጀመሪያው ባይከፈት ይመረጣል። ቀኑ በደብዳቤ የታመነ ዕዳ ለሁለቱም ይቀላል።

ሕጉ ስለ ማስታወሻው የሚለው ነገር አለ?

አለ፤ ቀኑን ግልጽ የማድረግን ጉዳይም ከባድ የሚያደርገው ይኸው ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1772 እንደሚለው፣ ሌላው ወገን ውሉን አልፈጸመም ብሎ ለመከራከር መጀመሪያ እንዲፈጽም ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል። ከቀጣዮቹ አንቀጾች ሁለት ነገር ይያዝ፦ ማስጠንቀቂያ የሚሰጠው ዕዳው መክፈያው ከደረሰ በኋላ ነው፤ በውስጡ የሚወሰነው ጊዜም እንደ ነገሩ ሁኔታ ተገቢ መሆን አለበት። ስለዚህ የኅዳር 29ኙ መልእክት ጨዋነት ነው እንጂ ማስጠንቀቂያ አይደለም። የጥር 5ቱ ግን «ማስጠንቀቂያ» የሚል ቃል ባይኖረውም ዕዳውን፣ መጠኑንና ቀኑን ለይቶ እንዲከፈል ስለሚጠይቅ ያንን ሥራ ይሠራል። «በአስቸኳይ ይከፈለን» የሚለው ቁጡ ደብዳቤ መጠንና ቀን ሳይዝ ከሄደ ፋይል ውስጥ ሲገኝ ብዙም አይረዳም።

ውሉ ላይ ስለ ወለድ ባይጻፍም በዘገየ የገንዘብ ዕዳ ላይ የሕጉ ወለድ 9 በመቶ በዓመት ነው። በብር 184,000 ላይ ሲሰላ በቀን 45 ብር ከ37 ሳንቲም፣ በ30 ቀን ብር 1,361 ያህል ይመጣል። ይህንን ማስታወሻ ላይ መጻፍ አያዋጣም፤ ብሩ ትንሽ፣ ቅያሜው ትልቅ ነው። ነገሩ ወደ ጠበቃ ከሄደ ጠበቃው ያነሣዋል። ያን ጊዜም የሚፈለገው ወረቀት ቀን ያለበትና መድረሱ የተፈረመበት ነው።

ደንበኛው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ?

የቃሉ ደረጃ ያው ነው፤ የቀኑ ስሌት ይለወጣል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ሳይከፈል የቀረ ወደ አዲሱ በጀት ተሻግሮ እንደገና ሂደት ይጠብቃል። ስለዚህ የግንቦት ደረሰኝ ላይ የሰኔን መጨረሻ መክፈያ ቀን አታድርጉ፤ በመጨረሻው ሳምንት ሰልፉ ረጅም ነው። ሰኔ 10 አካባቢ ያለ የሥራ ቀን ስጡና ዕቃው ገቢ የሆነበት ሞዴል 19 ደረሰኝ መቆረጡን ቀድማችሁ አረጋግጡ። መጠንከር ያለባችሁም እዚያች ወረቀት ላይ ነው፤ እሷ ከሌለች የትኛውም ግሥ አያስከፍልም።

ከከፈሉ በኋላ ዱቤውን እንመልስላቸው?

ገንዘቡ ጥር 12 ወይም 13 ቢገባ በዚያው ቀን ደረሰኙን ላኩና «ብር 184,000 ደርሶናል፤ እናመሰግናለን። በደብዳቤያችን የተጠቀሰው የቅድሚያ ክፍያ ተፈጻሚ አይሆንም» በሉ። የጻፋችሁትን መዘዝ በጽሑፍ ካላነሣችሁት ደንበኛው ቀጣዩን ሥራ ለሌላ ማተሚያ ቤት ሊሰጥ ይችላል፤ በዱቤ አያሠሩኝም ብሎ።

ዱቤው ግን እንደ ድሮው ይመለስ ማለት አይደለም። ለሚቀጥሉት ሁለት ሥራዎች 15 ቀንና እስከ ብር 100,000 የሚል ገደብ፣ ከዚያ በላይ ላለው ግማሹ በቅድሚያ፤ ሁለቱ በቀናቸው ከተከፈሉ ወደ 30 ቀን መመለስ። ይህንን በማስታወሻ ውስጥ አታስገቡት፤ ቀጣዩ የዋጋ ማቅረቢያ ላይ «የክፍያ ሁኔታ» በሚለው መስመር ጻፉት። ግዥ ክፍሉ እዚያ ሲያነበው እንደ ቅጣት ሳይሆን እንደ ዋጋ ያየዋል። ለሒሳብ ሹሟም ደውላችሁ ክፍያ የሚያዘጋጁበትን የሳምንቱን ቀን ጠይቁ። ሐሙስ ሐሙስ ከሆነ የሚቀጥለው ደረሰኝ መክፈያ ሐሙስ ላይ ይዋል።